ተራ ያልደረሳቸው ልጆች፦ መልካቸው የማይደነቅ ሕፃናትና የአዋቂዎች ድርሻ

በአጥቢያችን የክብር እንግዳ የሚመጣበት ቀን ሲቃረብ አበባ የሚያበረክቱ ሁለት ሕፃናት ይመረጣሉ። ምርጫው ብዙ ጊዜ ስብሰባ አያስፈልገውም፤ አንድ ሰው ወደ ልጆቹ ዘወር ብሎ ያይና «አንቺና አንተ» ይላል። የሚጠሩትም ፊታቸው ቶሎ ዓይን የሚስብ ልጆች ናቸው። ክፉ ያሰበ ማንም የለም። ነገር ግን ከቆሙት መካከል ያልተጠራች አንዲት ልጅ አለች፤ ባለፈው ጊዜም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም አልተጠራችም። ምክንያቱን የነገራት የለም፤ እርሷ ግን ታውቀዋለች።

በዚህ ትምህርት የምናነሣው የእንዲህ ያሉ ልጆችን ጉዳይ ነው። የአካል ጉዳትም ሆነ ሕመም የለባቸውም፤ ይሁን እንጂ «ቆንጆ» ሲባሉ ሰምተው አያውቁም። ልናሳይ የምንሻው አንድ ነገር ነው፦ የእነዚህን ልጆች በራስ መተማመን በአብዛኛው የሚጎዳው የፊታቸው ቅርጽ ሳይሆን እኛ አዋቂዎች በመልክ ምክንያት ሳናውቅ የምንነፍጋቸው ትኩረትና ተራ ነው። ጉዳቱ ከዚህ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ማስተካከያው በእጃችን ነው ማለት ነው።

ዓይናችን እንዴት ያዳላል?

እ.ኤ.አ. በ1973 ማርጋሬት ክሊፎርድና ኢሌን ዋልስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ላሉ የአምስተኛ ክፍል መምህራን የአንድ ተማሪን የውጤት መግለጫ ላኩ። ውጤቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለያየው ከመግለጫው ጋር የተያያዘው የልጅ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። መልከ መልካም ልጅ ያዩት መምህራን፣ ያው ውጤት በእጃቸው እያለ፣ ልጁ ይበልጥ አስተዋይ እንደሆነና በትምህርቱም ርቆ እንደሚሄድ ገመቱ። መምህራኑ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ዓይናቸው ከወረቀቱ ቀድሞ ፈረደ እንጂ።

ይህ ግምት በልጁ ላይ ምን ያደርጋል? ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1977 ማርክ ስናይደርና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት መልስ ይሰጣል። ወንዶች ከማያውቋቸው ሴቶች ጋር በስልክ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ለእያንዳንዱ ወንድ የምታነጋግረው ሴት ናት ተብሎ አንድ ፎቶግራፍ ተሰጠው፤ ፎቶው ግን የእርሷ አልነበረም። ሴቶቹም ስለ ፎቶው አያውቁም ነበር። በኋላ የሴቶቹን ድምፅ ብቻ ያዳመጡ ሌሎች ሰዎች፣ ቆንጆ ናት ተብላ የተነገረችው ሴት ይበልጥ ተግባቢና ሞቅ ያለች እንደነበረች መሰከሩ። ሴቶቹ ደስ ብሎ ላናገራቸው ደስ ብሏቸው መለሱ፤ በቀዝቃዛ ድምፅ የተናገሩትም ቀዝቀዝ አሉ። ከዚህ የምንማረው «ተፈጥሮዋ ነው» የምንለው ጠባይ አንዳንድ ጊዜ የእኛው አነጋገር ተመልሶ የሚሰማ ድምፅ መሆኑን ነው።

የሁለት እኅትማማቾች ምሳሌ

ነገሩ በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። ታላቂቱ ቀይ ዳማ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ ነው። ታናሺቱ በአባቷ የወጣች፣ አፍንጫዋ ጎራዳ፣ ጥርሷም ገጣጣ ነው። እንግዳ ሲመጣ ታላቂቱን አቅፎ ይስማል፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች፣ ምን እንደምትወድ ይጠይቃታል። ታናሺቱን «ይህችስ የማን ናት?» ብሎ ይስቅና ውኃ እንድታመጣ ይልካታል። በአምስት ዓመቷ ይህ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ ታላቂቱ ከአዋቂ ጋር መነጋገርን ስትለማመድ ታናሺቱ መላላክን ትለማመዳለች።

በዘጠኝ ዓመቷ ቤተሰቡ በፍቅር «ድፍጥጥ» ይላታል፤ እርሷም ትስቃለች። በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም፤ ሁሉም ዞሮ ያያታልና። በአሥራ አራት ዓመቷ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ፎቶ ሲነሣም የምትጠበቅበት ሥራ ታገኛለች። ወላጆቿ «ዓይን አፋር ናት» ይላሉ። ለአካለ መጠን ስትደርስ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ያለበትን ሥራ አታመለክትም፤ የሚገባትን ክፍያ አትጠይቅም፤ ያመሰገናትን ሰው እንደሚያፌዝባት ትቆጥራለች። «እኔን ማን ያየኛል?» ብላም መጀመሪያ ለመጣው፣ ክብር ለማይሰጣት ሰው እሺ ትላለች። በወንዶች ልጆች ላይ ይኸው ነገር ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል፦ ሰው ሳይስቅባቸው ቀድመው በራሳቸው ላይ ይቀልዳሉ፣ ወይም በጥል ይታወቃሉ።

ይህ መንገድ ለሁሉም የተጻፈ ዕጣ አይደለም። ሰዎች ስለ ራሳቸው መልክ ያላቸው ግምትና ሌሎች ስለ እነርሱ ያላቸው ግምት ዝምድናው ደካማ መሆኑን ጥናቶች ያሳያሉ። ብዙ ተራ ፊት ያላቸው ሰዎች ተማምነው ይኖራሉ፤ መልከ መልካም ሆነው በመልካቸው የሚሸማቀቁም አሉ። በመካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ያደረጉት ነው።

አዋቂዎች ምን ያድርጉ?

የመጀመሪያው በቃል ላይ መጠንቀቅ ነው። በልጅ አካል ላይ የወጣ የቁልምጫ ስም ልጁ ቢስቅበትም ይቁም። እኅትን ከእኅት ማነጻጸርም እንዲሁ። ለማጽናናት የምንናገረውንም እንመርምር። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለው ብሂል እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚነገረው መልኳ ለማይደነቅ ልጅ ብቻ ከሆነ «አንቺ መልክ የለሽም» ማለት ይሆናል። ብሂሉን መስማት የሚገባቸው ሁሉም ልጆች፣ በተለይም በመልካቸው የሚወደሱት ናቸው። «አንቺማ ከሁሉም ትበልጫለሽ» የሚል የተጋነነ ውዳሴም አይጠቅም። ልጆች ሐሰት መሆኑን ያውቃሉና ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ምስጋና እንኳ አያምኑም።

ሁለተኛው ልጁ ራሱ ሲጠይቅ በትዕግሥት መመለስ ነው። «እማዬ፣ እኔ ፉንጋ ነኝ?» ስትል «ኧረ በጭራሽ!» ብሎ መዝጋት ልጅቱን ብቻዋን ይተዋታል። አስቀድሞ «ማን አለሽ? የት ነበራችሁ?» ብሎ መስማት ይገባል። ከዚያም እናቲቱ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «እንዲህ ሲባሉ ያማል፤ እኔንም አመመኝ። አፍንጫሽ የአያትሽ ነው፤ ያንን ፊት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። በዚህ ቤት ማንም በመልኩ አይመዘንም። የሰደቡሽን ልጆች በተመለከተ ነገ አስተማሪያችሁን አነጋግራለሁ።» በዚህ መልስ ውስጥ ሐሰት የለም፤ ሕመሟ ተሰምቷል፣ ፍቅር ተነግሯል፣ አዋቂውም አንድ ሥራ ወስዷል። የተባለው ሥራ በማግስቱ ካልተፈጸመ ግን ንግግሩ ሁሉ ባዶ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ለሰበካ ጉባኤና ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች የሚገባው፣ ተራ መስጠት ነው። ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ኤልያብን ባየ ጊዜ በቁመናው ተማርኮ እንደነበር እናስተምራለን። መጽሐፉ ዳዊትንም መልከ መልካም ይለዋልና የታሪኩ ቁም ነገር መልክ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ይልቁንም ዳዊት በመጀመሪያው ሰልፍ አልተጠራም፤ ሳሙኤልም «ሌላ ልጅ አለህን?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ በበግ ጥበቃ ላይ ነበረ። ይህን ጥያቄ እኛም በየሩብ ዓመቱ እንጠይቅ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመዝገብ ያሉትን ልጆች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች እንጻፍ። በጎን ደግሞ ባለፉት ሦስት ወራት በሰው ፊት የተሰጡትን ሥራዎች እናስፍር፦ ምንባብ ማንበብ፣ መዝሙር መምራት፣ እንግዳ መቀበል፣ አበባ ማበርከት። ልጁ ሥራውን ሠርቶ ከሆነ ምልክት እናድርግ። ለምሳሌ በ30 ልጆች መካከል 18 ተራዎች ነበሩ እንበል። አምስት ልጆች 12ቱን ወስደው፣ ሌሎች ስድስት ልጆች አንድ አንድ ጊዜ ቆመው ቢገኙ፣ 19 ልጆች አንድም ጊዜ አልተጠሩም ማለት ነው። በቀጣዩ ሩብ ዓመት ምርጫው በዓይን ሳይሆን በመዝገቡ ተራ ይሁን።

ተራ የደረሳትን ልጅ ግን ሳያዘጋጁ ማቆም አዲስ ውርደት ሊሆንባት ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት አጭር ምንባብ ከአንድ አዋቂ ጋር ታንብብ፤ በሁለተኛው በሁለት ወይም ሦስት እኩዮቿ ፊት፤ በሦስተኛው በጉባኤ ፊት። ብትሳሳት በሰው ፊት አትታረም። ስትጨርስም ስለ መልኳ ወይም ስለ ድፍረቷ በጥቅሉ ከማወደስ ይልቅ የሠራችው ይነገራት፦ «ኋላ የተቀመጡት አረጋውያን እንኳ እያንዳንዱን ቃል ሰሙ።» በወሩ ውስጥም ሁለተኛ ተራ ይሰጣት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተሳካ ነገር እንደ አጋጣሚ ይቆጠራልና።

መቼ ሌላ እርዳታ ያስፈልጋል?

ይህ ሁሉ የማይበቃበት ጊዜ አለ። አንድ ወጣት በመልኩ ምክንያት ከትምህርት ቤት ከቀረ፣ በቀን ረጅም ሰዓት በመስተዋት ፊት ካሳለፈ፣ ምግብ ከተወ ወይም መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረ ነገሩ ከዓይን አፋርነት አልፏልና ሳይዘገይ ወደ ጤና ባለሙያ ይወሰድ። የካህኑ ጸሎትና ምክር ከሕክምናው ጎን ይቆማሉ እንጂ አይተኩትም። ቆዳን የሚያነጡ ቅባቶችን በስውር የሚጠቀሙ ልጆችንም እናስተውል፤ አንዳንዶቹ ቅባቶች ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ አለባቸው። በዚህ ጊዜ ቁጣ ልጁን ይበልጥ ያስደብቀዋል፤ ቅባቱን ይዞ አብሮ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሦስት ወራት በአጥቢያችን በሰው ፊት የቆሙት ልጆች እነማን ናቸው? በማን ምርጫ?

2. በአጥቢያችን በአካሉ ቅርጽ የሚጠራ ልጅ አለ? ስሙን የሚያስቆመውስ ማን ይሁን?

3. በሚቀጥለው የክብር እንግዳ አቀባበል አበባውን የሚይዙት ሁለቱ ልጆች በመዝገባችን ተራ እነማን ናቸው? ስማቸውን ዛሬ በቃለ ጉባኤው እንመዝግብ።