ለተጨነቀ ወላጅ የሚበተን ወረቀት፤ ምን ተጽፎበት ደንበኛ ያመጣል?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዓመቱ ደግሞ ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ቢልም የወላጁን ጭንቀት የሚያስታግስ አልነበረም። ጭንቀቱ በ12ኛ ክፍል ላይ አልቆመም፤ የ8ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤት ሁሉ አስጠኚ መፈለግ ያዘ። ገበያው ይህን አላጣውም። በአዲስ አበባ የቤት ለቤት ማስጠናት የአንድ ተማሪ የኪስ ገንዘብ ማግኛ ከመሆን አልፎ፣ አምስትና ስድስት አስጠኚዎችን አሰባስቦ በኮሚሽን የሚያሠማራ አነስተኛ ንግድ ሆኗል። የዚህ ንግድ ዋነኛ የደንበኛ መጥሪያ ደግሞ እስከ ዛሬም በራሪ ወረቀት ነው።

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ላነበበ ሰው ሁሉም በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስሉታል። «ታላቅ የምሥራች! ልጅዎ ከክፍሉ አንደኛ እንዲወጣ ይፈልጋሉ? ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች፣ ብቃት ባላቸውና የረጅም ጊዜ ልምድ ባካበቱ መምህራን እናስጠናለን። መቶ በመቶ ውጤት እናረጋግጣለን። ዋጋችን ተመጣጣኝ ነው።» ከዚህ ውስጥ ወላጁ ያላወቀው አንድም ነገር አልተነገረውም። ልጁ አንደኛ እንዲወጣ የማይፈልግ ወላጅ የለም፤ «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ዋጋ አይደለም፤ «ሁሉም ትምህርት» ሲባል ደግሞ አንባቢው የሚረዳው በየትኛውም ያልጠና መሆኑን ነው። መቶ በመቶ የሚለው ቃልማ አደጋ አለው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ሲሆን፣ ሕጉ ባይኖር እንኳ ልጁ ሲወድቅ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣ ወላጅ አይጠፋም።

የዚህ ዓይነቱ ወረቀት ትልቁ ጉድለት ግን ወላጁ ሁለት ጭንቀት እንዳለው አለማስተዋሉ ነው። አንደኛው የልጁ ውጤት ነው። ሁለተኛው፣ ስለ እሱ ማንም የማይጽፍለት፣ የማያውቁት ሰው ቤት መግባቱ ነው። እናትና አባት ሥራ ላይ እያሉ አንድ ወጣት ከልጃቸው ጋር ለሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ወረቀቱን አንብቦ፣ ዋጋውን ችሎ፣ ስልኩን ሳይደውል የሚቀር ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ውጤት አሥር መስመር ከመጻፍ ስለ አስጠኚው ማንነት ሁለት መስመር መጻፍ ይበልጣል።

ማስፈራራትም አያዋጣም። «ልጅዎ እየወደቀ ዝም ይላሉ?» ብሎ የሚጀምር ወረቀት ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ወላጁ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ እንዳያየው አጣጥፎ ይጥለዋል። የልጅ ድካም በብዙ ቤት ገመና ነው። ርዕሱ ችግሩን በልጁ ላይ ሳይሆን በትምህርቱ ላይ ቢያደርገው ወረቀቱ ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፎ ይቆያል።

ለማሳያ ያህል፣ በገርጂ አካባቢ የሚሠራ ስድስት አስጠኚዎች ያሉት አንድ አገልግሎት እንውሰድ። አገልግሎቱ ሁሉንም ክፍል ትቶ በአንድ ክፍልና በአንድ ትምህርት ቢጀምር ወረቀቱ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስቸግሯል?
ቤትዎ መጥተን እናስጠናለን። ገርጂ፣ መብራት ኃይልና ጃክሮስ ብቻ።
በመጀመሪያው ቀን የ40 ደቂቃ ፈተና ሰጥተን፣ የትኛው ምዕራፍ እንደከበደ በጽሑፍ እናሳይዎታለን። ለዚህ አይከፍሉም።
አስጠኚው ከመጀመሩ በፊት መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ያያሉ። ጥናቱ ሳሎን ውስጥ፣ በር ተከፍቶ ነው።
በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፤ በወር 6,000 ብር። በሁለት ሳምንት ካልተስማማዎት ግማሹን እንመልሳለን።
ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይደውሉ።»

ከዚህ በታች ስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ከሰፈሩ ስም ጋር መምጣቷ በከንቱ አይደለም፤ አስጠኚው ቅርብ እንደሆነና እንደማይዘገይ ትናገራለች። የመጀመሪያው ቀን ፈተና ደግሞ ዋስትናን ይተካል። አገልግሎቱ ስለ ውጤት ቃል ሳይገባ፣ ወላጁ ከካርዱ ላይ ሊያነበው የማይችለውን ነገር ያሳየዋል። ካርድ «ሒሳብ 48» ይላል እንጂ ልጁ ክፍልፋይ ላይ ይሁን እኩልታ ላይ የተሰናከለው አይናገርም።

ዋጋ መጻፉን ብዙ አገልግሎቶች ይፈሩታል፤ ተወዳዳሪ ያየዋል፣ ደንበኛ ይሸሻል ይላሉ። ተወዳዳሪ ግን አንድ ስልክ ደውሎ ያውቀዋል። የሚሸሸውም ደንበኛ ቢደውልም አይከፍልም ነበር፤ ይልቁንም የምሽቱን ሁለት ሰዓት ተኩል «ስንት ነው?» ብሎ በሚዘጋ ስልክ ይሞላዋል። በምሳሌው ወሩ 24 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ 250 ብር ይደርሳል። በወረቀቱ ላይ ግን የሰዓቱ ሳይሆን የወሩ ይጻፋል፤ የወላጁ ደመወዝም ሆነ የልጁ ክፍያ በወር ስለሚታሰብ።

የገንዘብ መመለሱ ነገር በወረቀት ላይ ከመውጣቱ በፊት በሒሳብ መፈተን አለበት። አስጠኚው ከወሩ ክፍያ 75 በመቶ፣ ማለትም 4,500 ብር ይወስዳል እንበል፤ ለአገልግሎቱ 1,500 ይቀራል። ደንበኛው በሁለት ሳምንት ቢያቋርጥና 3,000 ብር ቢመለስለት፣ አስጠኚው ለሠራው 12 ሰዓት 2,250 ይከፈለዋል፤ ለአገልግሎቱ 750 ይተርፋል። አትራፊ ባይሆንም አይጎዳም። ሙሉውን እመልሳለሁ ያለ ግን ለእያንዳንዱ አቋራጭ 2,250 ብር ከኪሱ ያወጣል።

አቀማመጡን በተመለከተ የግዕዝ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው፣ አንድን ቃል ከሌላው ማጉላት የሚቻለው በመጠን፣ በውፍረትና በዙሪያው በሚተው ባዶ ቦታ ነው። የሁሉም መስመር ፊደል ከወፈረ አንዱም አልወፈረም። በ9 ፖይንት የተጻፈ ጽሑፍ ኮምፒዩተር ላይ ጥሩ መስሎ፣ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ የፊደሉ ቅጥያዎች ይዋጣሉ፤ «ሉ» እና «ሊ»፣ «ቡ» እና «ቢ» አይለዩም። ለኤ ፋይቭ ወረቀት ዋናው ጽሑፍ ከ12 ፖይንት ባይወርድ፣ ርዕሱ ከ28 እስከ 32፣ ስልኩም ከርዕሱ ባያንስ መልካም ነው። ከኢንተርኔት የተወሰደ የፈገግተኛ ፈረንጅ ልጅ ፎቶግራፍ አያስፈልግም፤ በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ጥቁር ሰሌዳ ከመሆኑ በላይ፣ ለስልኩ የሚያስፈልገውን ቦታ ይበላል።

ሌላው የሚረሳው ወረቀቱ መታጠፉ ነው። ኤ ፋይቭ ቁመቱ 210 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለሁለት ሲታጠፍ መስመሩ 105 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። ዋጋው ወይም ስልኩ እዚያ ላይ ከወደቀ በኪስ ውስጥ ከሳምንት በኋላ ይፋቃል። ሱቅ ላይ ለሚለጠፈው ኤ ፎር ደግሞ ከግርጌው አሥር ቁራጭ ይቆረጥለታል፤ ስፋቱ 210 ሚሊ ሜትር በመሆኑ እያንዳንዱ 21 ይደርሰዋል። በቁራጩ ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ ማስፈር የተለመደ ስሕተት ነው። ወላጁ ከሦስት ቀን በኋላ ኪሱ ውስጥ ሲያገኘው የቧንቧ ሠራተኛ ይሁን የአስጠኚ አያስታውስም። «8ኛ ሒሳብ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይበቁታል። በመብራት ምሰሶ ላይ መለጠፉን ግን ቢተዉት ይሻላል፤ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ሲጠይቁ ስልኩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

ወረቀቱ ከታተመ በኋላ የሚባክነው ገንዘብ በአብዛኛው የሚባክነው በመበተኑ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ከወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ፊደል ማኖር ይበቃል፤ ትምህርት ቤት በር ለሚበተነው «ሀ»፣ ለኮንዶሚኒየሙ «ለ»፣ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ለሚቀመጠው «ሐ»። ስልክ ያነሳው ሰው ከሰላምታው ቀጥሎ «ጥጉ ላይ ያለው ፊደል የትኛው ነው?» ብሎ ይመዘግባል።

በምሳሌው አገልግሎት 2,000 ወረቀት በ3 ብር ታተመ እንበል። ከዚህ ውስጥ 1,000ው ትምህርት ቤት በር ላይ ተበተነ፤ ለበታኞች 1,000 ብር ተከፍሎ ወጪው 4,000 ሆነ፤ 9 ሰዎች ደውለው አንድ ደንበኛ ተገኘ። በኮንዶሚኒየም 600 ወረቀት ከበታኙ 500 ብር ጋር 2,300 ፈጅቶ፣ ከ6 ደዋዮች ሦስት ተመዘገቡ። ሱቅ ላይ የተቀመጠው 400 ወረቀት 1,200 ብር ብቻ ወጥቶበት 10 ሰው አስደውሎ አራት ደንበኛ አመጣ። በጥቅሉ 7,500 ብር ለስምንት ደንበኛ ነው፤ ለአንዱ 938 ብር ገደማ። ባለቤቱ በዚህ አኃዝ ቢረካ ይሳሳታል፤ የሱቁ ደንበኛ በ300 ብር ሲመጣ፣ የትምህርት ቤቱ በር ደንበኛ 4,000 ብር ወጥቶበታል፤ ይህን በወር 1,500 ለመመለስ ሦስተኛው ወር መድረስ አለበት።

ልዩነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ የሰርቪስ ሹፌር፣ የቤት ሠራተኛ ወይም ታላቅ እኅት ነው። ወረቀቱ ወሳኙ ሰው እጅ ሳይደርስ ይቀራል። ደብተር የሚገዛ ወላጅ ግን ቦርሳውን ከፍቶ ስለ ትምህርት እያሰበ ቆሟል። ይሁንና የአንድና የሦስት ደንበኛ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል፣ አንድ ቦታ ከመዝጋት በፊት በሁለተኛ ዙር መድገም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዙር መቼ ይሁን ለሚለው የትምህርት ዘመኑ ራሱ መልስ አለው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ የሚታደለው በጥር መጨረሻና በየካቲት መግቢያ ነው። ከየካቲት 1 እስከ ግንቦት ማብቂያ ድረስ 17 ሳምንት ገደማ ሲኖር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ 50 የጥናት ቀን ይወጣዋል። ያው ወረቀት ግንቦት አጋማሽ ላይ ቢበተን የሚቀረው ስድስት ሰባት ቀን ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ፈተና የታየውን የከበደ ምዕራፍ እንኳ ለመጨረስ አይበቃም።