ከጭቅጭቅ በኋላ ወደ ጠረጴዛ መመለስ

እኛ በማንያታ የምናስተምር ነን። በቅርቡ ከአንድ ወላጅ ጋር በልጁ ውጤት ኃይለ ቃል ተለዋውጠን ወደ እርማታችን ስንመለስ እጃችን ተንቀጠቀጠ፤ ትክክለኛውንም መልስ በቀይ ሰረዝነው። ጠቡ ቢያበቃም በንዴት ጊዜ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ወደ ደም የሚገባው አድሬናሊን ገና አልበረደም ነበር።

የእጃችንን የደም ሥር ይዘን ለ15 ሴኮንድ ብንቆጥር 27 ሆነ፤ በ4 ሲባዛ በደቂቃ 108 ነው። ደብተሩን ዘግተን በአፍንጫ አየር ሳብን፤ በላዩ ጥቂት ጨመርንና ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በከንፈር ቀስ ብለን እስከ መጨረሻው አስወጣን። ልብ ቀዝቀዝ የሚለው አየር ሲወጣ ስለሆነ መውጫው ከመግቢያው በእጥፍ ይርዘም። በ5 ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ 21፣ ማለትም በደቂቃ 84 ሆነ።

አንዳንዱ ሰው ቶሎ ቶሎ በኃይል ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ ራስ ይዞራል፣ ጣትም ይነዘንዛል። እንዲህ ከሆነ ትቶ እንደ ወትሮው መተንፈስ ነው። የተባባሉትን በሐሳብ መልሶ መላልሶ መከራከርም ልብን እንደገና ያስሮጣል። (ቡናውም ቢቆይ ይሻላል፤ እኛ ግን አልቻልንም!)

ከዚያ በቀጥታ ወደ እርማት አልገባንም። በቅድሚያ የተማሪዎችን ስም ዝርዝር ገለበጥን፤ ጽሑፋችን ሲስተካከል ቀዩን እስክሪብቶ አነሳን። የዚያን ልጅ ደብተር ግን ለማግስቱ ጠዋት አቆየነው።