አንድ ቃል ከዐውዱ ትርጉም የሚያገኝበት ስሌት፦ ራስ-ተኮር ትኩረት በትራንስፎርመር ውስጥ

የአማርኛ ጽሕፈት የድምፅን መጥበቅና መላላት አያመለክትም። «ዋና» ተብሎ የተጻፈው ቃል «ና» ላልታ ስትነበብ በውኃ ላይ የሚደረገውን እንቅስቃሴ፣ ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ አንደኛና ከሁሉ የሚበልጥ ማለትን ያመለክታል። «ልጁ ዋና ይችላል» የሚለውን ያነበበ ሰው ንባቡን የሚወስነው ከፊደሉ ሳይሆን ከጎረቤት ቃላት ነው፤ «ዋና ከተማ» በሚለውም እንዲሁ። ኮምፒውተር ግን ለ«ዋና» መጀመሪያ የሚሰጠው የቁጥር ውክልና በሁለቱም ስፍራ አንድ ዓይነት ነው። ይህ አንድ ውክልና እንደ ዐውዱ ወደ ሁለት የተለያዩ ውክልናዎች የሚለወጠው እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 አሺሽ ቫስዋኒና ሰባት ባልደረቦቹ ባቀረቡት ትራንስፎርመር ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ራስ-ተኮር ትኩረት የተባለው ስሌት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሌቱን በእጅ ሊሠራ በሚችል አነስተኛ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ እንከተለዋለን።

መነሻ ቬክተሮች

እያንዳንዱን ቃል ሁለት ቁጥሮች ባሉት ቬክተር እንወክል። የመጀመሪያው ቁጥር የቃሉን ስምነት፣ ሁለተኛው ድርጊት ገላጭነቱን ይለካል እንበል። «ልጁ» (2, 0)፣ «ይችላል» (0, 2) ይሁኑ። «ዋና» ገና ስላልተለየ በሁለቱ መካከል ቆሞ (1, 1) ይሁን። በእውነተኛ ሞዴል ቬክተሮቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች አሏቸው፤ የሚገኙትም በሥልጠና ስለሆነ ክፍሎቹ እንዲህ ያለ ግልጽ ስያሜ የላቸውም። ስያሜውን የሰጠነው ስሌቱን ለመከታተል እንዲያመች ብቻ ነው።

ጥያቄ፣ ቁልፍና እሴት

ከእያንዳንዱ መነሻ ቬክተር ሦስት ቬክተሮች ይወጣሉ። ጥያቄ ቃሉ ከሌሎች ዘንድ የሚፈልገውን ይገልጻል፤ ቁልፍ ቃሉ ለፈላጊዎች የሚታይበት መለያ ነው፤ እሴት ደግሞ ቃሉ ሲመረጥ በተግባር የሚያቀብለው ይዘት ነው። ሦስቱ የሚገኙት መነሻውን ቬክተር በሦስት የተለያዩ ማትሪክሶች በማባዛት ሲሆን፣ ማትሪክሶቹ ለሁሉም ቃላት የጋራ ናቸው። ለምሳሌያችን በእጃችን የመረጥናቸው እነዚህ ናቸው፦

```
W_Q = [[1, 0], [1, 1]]
W_K = [[0, 1], [1, 0]]
W_V = [[1, 0], [0, 2]]
```

የ«ዋና» ጥያቄ (1, 1) በ W_Q ሲባዛ (2, 1) ይሆናል። W_K የቬክተሩን ሁለት ክፍሎች ቦታ ያለዋውጣል፤ ስለዚህ የ«ልጁ» ቁልፍ (0, 2)፣ የ«ዋና» (1, 1)፣ የ«ይችላል» (2, 0) ነው። W_V ሁለተኛውን ክፍል በእጥፍ ስለሚያሳድግ እሴቶቹ በቅደም ተከተል (2, 0)፣ (1, 2) እና (0, 4) ይሆናሉ።

ጥያቄና ቁልፍ በተለያዩ ማትሪክሶች መገኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ የነጥቦቹ ሠንጠረዥ የተመጣጠነ ይሆን ነበር፤ ማለትም «ዋና» ለ«ይችላል» የሚሰጠው ነጥብና «ይችላል» ለ«ዋና» የሚሰጠው ነጥብ ምንጊዜም እኩል ይሆኑ ነበር። በቋንቋ ውስጥ ግን ፍለጋው ከሁለቱም ወገን እኩል አይደለም። እሴት ከቁልፍ መለየቱም ቃሉ የሚገኝበት መለያና የሚያቀብለው ይዘት የግድ አንድ እንዳይሆኑ ያስችላል።

ከነጥብ ወደ ድርሻ

አሁን የ«ዋና»ን ጥያቄ ከሦስቱም ቁልፎች ጋር እናነጻጽር። ንጽጽሩ ተጓዳኝ ክፍሎችን አባዝቶ መደመር ነው። ከ«ልጁ» ጋር 2×0 + 1×2 = 2፣ ከራሱ ጋር 2×1 + 1×1 = 3፣ ከ«ይችላል» ጋር 2×2 + 1×0 = 4 ይገኛል። እነዚህን ነጥቦች በቁልፉ ርዝመት ዳግም ዘር፣ ማለትም በ√2 ስናካፍል 1.414፣ 2.121 እና 2.828 ይሆናሉ። ቀጥሎ ሶፍትማክስ እያንዳንዱን ነጥብ የ e ኃይል አድርጎ ለድምሩ ያካፍላል፤ ውጤቱም 0.140፣ 0.284 እና 0.576 ነው። ሦስቱ ድርሻዎች ተደምረው 1 ይሞላሉ፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ድርሻ ለ«ይችላል» ደርሷል።

የመጨረሻው ደረጃ እሴቶቹን በየድርሻቸው አባዝቶ መደመር ነው። የመጀመሪያው ክፍል 0.140×2 + 0.284×1 = 0.564፣ ሁለተኛው ክፍል 0.284×2 + 0.576×4 = 2.872 ይሆናል። የ«ዋና» የራሱ እሴት (1, 2) እንደነበር እናስታውስ፤ የስምነትና የድርጊት ምጥጥን ከ1 ለ2 ተነሥቶ ወደ 1 ለ5 ገደማ ደርሷል። ቃሉ ወደ ድርጊት፣ ማለትም ወደ ላልቶ ንባቡ አጋድሏል።

በ«ዋና ከተማ» ደግሞ «ከተማ» ስም ስለሆነ እንደ «ልጁ» (2, 0) እንስጠው። የ«ዋና» ነጥቦች ለራሱ 3፣ ለ«ከተማ» 2 ናቸው፤ ድርሻዎቹ 0.670 እና 0.330፣ ውጤቱም (1.330, 1.340) ነው። ምጥጥኑ 1 ለ1 ሆነ። ማትሪክሶቹ አልተለወጡም፣ የ«ዋና» መነሻ ቬክተርም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ሁሉም ቃላት በአንድ ጊዜ ሲሰሉ ሥራው softmax(QKᵀ / √d_k) V በሚለው ቀመር ይጠቃለላል፤ d_k የቁልፉ ርዝመት ነው። በ NumPy እንዲህ ይጻፋል፦

```python
import numpy as np
X = np.array([[2, 0], [1, 1], [0, 2]])
Q = X @ np.array([[1, 0], [1, 1]])
K = X @ np.array([[0, 1], [1, 0]])
V = X @ np.array([[1, 0], [0, 2]])
S = Q @ K.T / np.sqrt(2)
A = np.exp(S) / np.exp(S).sum(axis=1, keepdims=True)
print(A[1], A[1].sum(), A[1] @ V)
```

በዚህ ቦታ የተለመደ ስሕተት አለ። axis=1 በሚለው ፋንታ axis=0 ቢጻፍ ድምሩ በረድፍ ሳይሆን በዓምድ ይወሰዳል፤ ፕሮግራሙም ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ይሠራል። ችግሩን የሚያጋልጠው የረድፉ ድምር ነው፤ የ«ዋና» ረድፍ 1 መሆን ሲገባው 0.804 ይሆናል። ስለዚህ የረድፎችን ድምር መፈተሽ ውጤቱን ከመተርጎም ይቀድማል።

በ√d_k የምናካፍለው ለምንድን ነው?

በምሳሌያችን ማካፈሉን ብንተወው የ«ይችላል» ድርሻ ከ0.576 ወደ 0.665 ከፍ ከማለት በቀር ብዙ ለውጥ አይታይም። ችግሩ የሚጎላው ቬክተሩ ሲረዝም ነው። የጥያቄና የቁልፍ ክፍሎች እርስ በርስ የማይደጋገፉ፣ አማካያቸው 0፣ ቫሪያንሳቸው 1 ቢሆን የነጥቡ ቫሪያንስ d_k ይሆናል። በ2017ቱ መነሻ ሞዴል የ512 ክፍሎች ውክልና ለ8 የትኩረት ራሶች ተከፋፍሎ d_k 64 ስለነበር የነጥቡ መደበኛ ልይይት 8 ይሆናል ማለት ነው።

ሁለት ቃላት ብቻ ቢኖሩና ነጥቦቻቸው በ8 ቢለያዩ፣ e⁸ ወደ 2981 ስለሚጠጋ የበላጩ ድርሻ 0.9997 ገደማ ይሆናል። የሶፍትማክስ ተዳፋት በዚህ ሁኔታ p(1 − p) ስለሆነ ዋጋው ወደ 0.000335 ይወርዳል፤ ሞዴሉም ምርጫው ስሕተት ቢሆን እንኳ ለማረም የሚያስችል ምልክት አያገኝም። በ8 ሲካፈል ግን ልዩነቱ 1፣ ድርሻው 0.731፣ ተዳፋቱ 0.197 ይሆናል፤ ከ580 እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ ማካፈሉ የትምህርቱ መንገድ ገና ከጅምሩ እንዳይዘጋ የሚጠብቅ ነው።

የወደፊቱ ሲሸፈን

እስካሁን «ዋና» ከፊቱም ከኋላውም ያሉትን ቃላት ሲያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው ቤርት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። እንደ ጂፒቲ ያሉ ቀጣዩን ቃል የሚተነብዩ ሞዴሎች ግን አንድ ቃል ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን እንዳያይ ይሸፍናሉ። ሽፋኑ የሚደረገው ከሶፍትማክስ በፊት የወደፊቶቹን ነጥቦች በ −∞ በመተካት ነው። ከሶፍትማክስ በኋላ ድርሻዎቹን በ0 መተካት ትክክል አይደለም፤ የረድፉ ድምር ከ1 ያንሳል፣ የወደፊቱ ቃል ነጥብም በአካፋዩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ ይህ ሽፋን በምሳሌያችን ላይ የሚያስከትለው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። «ልጁ ዋና ይችላል» በሚለው «ይችላል» ሲሸፈን ለ«ዋና» የሚቀሩት ነጥቦች ለ«ልጁ» 2 እና ለራሱ 3 ናቸው። ውጤቱ (1.330, 1.340) ነው። ይህ ያለ ሽፋን በ«ዋና ከተማ» ካገኘነው ጋር ፍጹም አንድ ነው! ቃሉን የሚወስነው ግስ ገና ስላልታየ ልዩነቱ በ«ዋና» ስፍራ ሊታወቅ አይችልም።

ይህ ማለት ግን ሞዴሉ ዓረፍተ ነገሩን አይረዳም ማለት አይደለም። «ይችላል» በራሱ ስፍራ ሦስቱንም ቃላት ያያል፤ ጥያቄው (2, 2) ስለሆነ ለሦስቱም 4 ነጥብ ሰጥቶ ከእያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ ይወስዳል። የ«ዋና» ትርጉም የሚቋጨው እዚያ ነው። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ጥንቃቄ ግልጽ ነው። የአማርኛ ቃላትን ትርጉም ለመለየት የሚያጠና ተመራማሪ ከተሸፈነ ሞዴል የ«ዋና»ን ውክልና በቃሉ ስፍራ ላይ ወስዶ «ሞዴሉ ሁለቱን ትርጉሞች አይለይም» ብሎ ቢደመድም፣ የለካው የሞዴሉን ዕውቀት ሳይሆን የሽፋኑን ውጤት ሊሆን ይችላል። ውክልናውን በግሱ ስፍራ ላይ መውሰድ ወይም ሁለቱንም አቅጣጫ የሚያይ ሞዴል መጠቀም ይኖርበታል።

የምሳሌው ወሰን

ምሳሌያችን ሁለት ነገሮችን ትቷል። አንደኛ፣ ስሌቱ የቃላትን ቅደም ተከተል አያውቅም፤ ያለ ሽፋን «ይችላል ዋና ልጁ» ብንል የ«ዋና» ውጤት ያው (0.564, 2.872) ነው። በተግባር የቦታ መረጃ ለብቻው የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት ሙሉ ቃል ሳይሆን ቁራጩን ነው። በ UTF-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ አማርኛ በብዛት ባልተካተተበት የባይት ከፋፋይ «ዋና» ራሱ እስከ 6 ቁራጭ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ትኩረቱ በመጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ቃሉን ከቁራጮቹ መልሶ መገጣጠም ነው፤ ከዐውድ ትርጉም መቅዳቱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።