አንድ ማስታወቂያ በሦስት ልክ

አንድ የአጅባር ማር ነጋዴ አዲስ የተቆረጠ ማሩን ለማስታወቅ ቢያስብ፣ በኢንስታግራም ከፎቶግራፉ ሥር ሳይከፈት የሚነበበው 125 ፊደል ያህል ብቻ መሆኑን ማወቅ አለበት። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ነጋዴው ይሽጥ ይግዛ ሳይታወቅ ጽሑፉ ይቆረጣል። ስለዚህ «የአጅባር ማር እንሸጣለን» ብሎ ቶሎ ይዝጋ፤ ዋጋው ወዲያው ይከተል።

በሊንክድኢን የሚያነቡት ባለ ሆቴሎችና አከፋፋዮች ስለሆኑ፣ ማሩ የተቆረጠበት ወር፣ የኩንታሉ ብዛትና የማስረከቢያው ቦታ በዝርዝር ይጻፍላቸው። እዚያም ቢሆን መጀመሪያው መስመር ብቻውን የሚቆም ይሁን።

በቴሌግራም ቻናል ከፎቶግራፍ ጋር የሚላከው ጽሑፍ ለተራ ተጠቃሚ ከ1,024 ፊደል አያልፍም፤ ለዋጋ፣ ለመጠንና ለስልክ ቍጥር ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው። ማሩ ሲያልቅ ያው መልእክት «አልቋል» ተብሎ ይታረም፤ አለዚያ በከንቱ የሚደውለው ገዢ ሁለተኛ አይመለስም።