የ14 ቀን ወር

ደመወዝተኛ በጀት የሚያወጣው የሚያገኘውን አውቆ ነው። የቀን ሠራተኛ ግን ስንት እንዳገኘ የሚያውቀው ወሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ እንደ ደመወዝተኛ ላስላ ቢል ወረቀቱ ከሦስተኛው ቀን አያልፍም። እሱ መጠየቅ ያለበት “ቤቴ በወር ስንት የሥራ ቀን ይበላል?” ብሎ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖር ረዳት ግንበኛ እናስብ። ዋጋው በየሰፈሩ ስለሚለያይ ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ።

መጀመሪያ የቀኑን የተጣራ ገንዘብ ያግኙ። ሰውየው “700 ብር ነው የምውለው” ይላል። ነገር ግን 40 ብሩ ለታክሲ፣ 100 ብሩ ለምሳና ለሻይ ይሄዳል። ቤት የሚገባው 560 ብር ነው። ብዙ ሰው በጀቱ የሚፈርስበት እዚሁ ላይ ነው፤ ቤት ያልደረሰውን ብር ያከፋፍላል።

ቀጥሎ ያለፉት ሦስት ወራት የሥራ ቀናት ይቆጠሩ። ደብተር ካልያዙ የካቦውን መቆጣጠሪያ ያስታውሱ፣ ወይም ከሚስትዎ ጋር ቁጭ ብለው ያሰላስሉ። የኛ ሰው 21፣ 14 እና 18 ቀን ሠርቷል። አማካዩን ወስዶ ቤት ማቆም ያጓጓል፤ ግን አከራይ በአማካይ አይከፈልም። መነሻው ዝቅተኛው ወር ይሁን፦ 14 ቀን፣ በ560 ሲባዛ 7,840 ብር።

ሦስተኛው ሥራ ወጪውን በ14 ቀን ውስጥ ማስገባት ነው። ኪራይ 3,000፣ መብራትና ውሃ 250፣ እድር 100፤ ድምሩ 3,350 ብር። አስቤዛው በቀን 140፣ በ30 ቀን 4,200፤ ሳሙናና ከሰል 280፤ ድምሩ 4,480 ብር። ሁሉም 7,830 ነውና በ10 ብር ልዩነት ያልፋል። ባያልፍ ኖሮ የሚቀነሰው አሁን በወረቀት ላይ እንጂ ወሩ መጨረሻ ላይ በልጆች ማዕድ አይደለም።

አሁን 3,350ውን ለ14 ያካፍሉ፤ 240 ገደማ ይመጣል። 4,480ው ደግሞ 320 ይሆናል። በተሠራ ቀን ሁሉ 240 ብር በኪራይ ጣሳ፣ 320 በአስቤዛ ጣሳ ይገባል። ክፍያው ቅዳሜ ከሆነ በሳምንቱ የተሠሩትን ቀናት ቆጥሮ ማባዛት ነው። ከአስቤዛው ጣሳ ግን ሥራ ኖረም አልኖረም በቀን ከ149 ብር በላይ አይወጣም። እሁድ የሚበላው ሰኞ ከተሠራው ላይ ነውና። የኪራዩን ጣሳ “ነገ እመልሳለሁ” ብሎ መንካት ከተጀመረ ችግር መጥቷል ማለት ነው። የሱቅ ዱቤም እንደዚያው ነው፤ በተወሰደበት ቀን ከአስቤዛው ካልተቀነሰ፣ ቅዳሜ ሒሳቡ ሲመጣ ዘይቱ ካለቀ ሰንብቷል።

ከ15ኛው ቀን ጀምሮ የሚመጣው 560 ብር የዚህ ወር ገንዘብ አይደለም። ከቤት ይራቅ፤ ባንክ ወይም ቴሌብር ይግባ። በደብተር ላይም በብር ሳይሆን በቀን ይጻፍ። በ21ዱ ወር 7 ቀን፣ በ18ቱ 4 ቀን፤ 11 ቀን ተቀምጧል። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ሥራ አቁሞ 9 ቀን ብቻ ቢሠራ፣ የጎደለው 5 ቀን ከመጠባበቂያው ይወጣና 6 ይቀራል። ሒሳብ የማይወድ ሰው እንኳ ይህን በጣቱ ይቆጥረዋል። በጥሩው ወር ሥጋ ለመግዛት እጅ ሲዘረጋም “ይህ የሐምሌ ሁለት ቀን ነው” ማለት ቀላል ነው።

እቁብ የሚገቡ ከሆነ መዋጮው በ14ቱ ቀን ውስጥ የሚችሉት ይሁን። እቁብ ሥራ ጠፋ ብሎ አይጠብቅም፤ በደጉ ወር ልክ የተገባበት እቁብ በክረምት ዋሱን ያስጨንቃል። ዳኛውና አባላቱ ከተስማሙ ሰኔ ላይ ከደረሰው ሰው ጋር ዕጣ መለዋወጥ ግን ጥሩ ዘዴ ነው።

የሠሩበትን ቀን ራስዎም ይመዝግቡ፤ ከተቻለ ካቦው በየሳምንቱ ይፈርምበት። ክፍያው ሲዘገይ ለ“ስንት ቀን ነበር?” ክርክር መልሱ እሱ ነው። ያልተከፈለ ቀን ደግሞ ደብተሩ ላይ ቢኖርም ጣሳ ውስጥ አልገባምና እንደተሠራ አይቁጠሩት።

አንድ የምትረሳ ነገር ጳጉሜን ናት። አብዛኛው አከራይ አይቆጥራትም፤ ሆድ ግን ይቆጥራታል። የአምስቱ ቀን አስቤዛ 700 ብር ነው፤ በየአራት ዓመቱ ስድስት ስትሆን 840። እሷን ተከትሎ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ የልጆች ደብተርና ጫማ ይመጣል። ስለዚህ ከክረምቱ የተረፉት 6 ቀናት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትርፍ ቢመስሉም፣ ሁለቱ ለጳጉሜን፣ አራቱ ለመስከረም ተብለው ከወዲሁ ይጻፉ።