ግራ ጎኔን የሚያመኝ ሲስት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳር ነኝ፣ ገና አልወለድኩም። የምኖረው ጳውሎስ አካባቢ ነው። ሰሞኑን ከእምብርቴ በታች ግራ ጎኔን እየተመላለሰ ሲያመኝ አልትራሳውንድ ታየሁ። የግራው ኦቫሪ ላይ 4.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ስስ፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ሲስት እንዳለ ተነገረኝ። የታየሁት የወር አበባዬ በመጣ በ20ኛው ቀን ነው። ቤተሰቦቼ «ሳያመክንሽ ቶሎ አስወጪው» እያሉ አስጨነቁኝ።

መልስ፦ ለቀዶ ሕክምና አይቸኩሉ። በየወሩ ኦቫሪ ውስጥ አንዲት እንቁላል ውሃ በያዘች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ታድጋለች። ከረጢቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትደርስ ፈንድታ እንቁላሏን ትለቃለች። አንዳንድ ወር ግን ሳትፈነዳ ማደጓን ትቀጥላለች፤ ወይም ከፈነዳች በኋላ ተዘግታ ውሃ ወይም ደም ትቋጥራለች። የእርስዎም በመጠኑ፣ በይዘቱም ሆነ በታየበት ቀን ከዚህ ዓይነቱ ጋር ይስማማል። እንዲህ ያለው ሲስት አያመክንም፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ያለ ሕመም በአጋጣሚ ቢገኝ ኖሮ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ስለሆነ ድጋሚ መታየትም ባላስፈለገው ነበር። እርስዎ ስለሚያምዎት ግን ሁለት የወር አበባ ካዩ በኋላ፣ የሁለተኛው ከጀመረ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ድጋሚ ይታዩ። በ20ኛው ቀን ከታዩ አዲስ የወሩ ከረጢት ከአሮጌው ጋር ሊምታታ ይችላል። የመጀመሪያውን ውጤት ይዘው ይሂዱ። የእርግዝና መከላከያ ክኒን ቶሎ ያጠፋዋል የሚባለው በጥናት አልተደገፈም።

የማይጠፉም አሉ። ስብና ፀጉር፣ አንዳንዴም ጥርስ የሚገኝበት ደርሞይድ አለ። ያረጀ ደም የቋጠረ፣ በወር አበባና በግንኙነት ጊዜ ክፉኛ የሚያሳምምም አለ። በድጋሚው ምርመራ ሲስቱ ካልጠፋ፣ ካደገ ወይም ውስጡ ጠጣር ነገር ከታየ የማህፀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የወር አበባዋ ያቆመ ሴት ላይ የተገኘ ሲስት ደግሞ ትንሽም ቢሆን በሐኪም መመዘን አለበት፤ በዚያ ዕድሜ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላልና።

አሁን የሚሰማዎት የሚመላለስ ሕመም በማስታገሻ ሊታገሡት የሚችሉት ነው። በአንድ ጎን በድንገት የሚነሳ፣ ቀጥ ብሎ መቆም የሚከለክልና ትውከት ያለበት ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ሲስቱ ኦቫሪውን አዙሮት የደም ሥሩ ታንቆ ይሆናል። በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልተፈታ ኦቫሪው ሊሞት ይችላል። ሕመሙ ከራስ ማዞርና ራስን ከመሳት ጋር ከመጣም ሲስቱ ፈንድቶ ሆድ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ ሌሊትም ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የወር አበባዎ ዘግይቶ ከነበረ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ እርግዝናም እንዲሁ ስለሚያም የሽንት ምርመራ ይታዘዝልዎታል። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል እስኪታዩ ድረስ ምግብም ውሃም አይቅመሱ።