ጥያቄ የበዛበት ኢሜይል

አንድ ተማሪ የአፈር ናሙናው በኤክስሬይ እንዲመረመርለት ለአንድ ላቦራቶሪ ሲጽፍ አራት ጥያቄዎችን በአንድ አንቀጽ ቢያጭቅ፣ ምላሹ ስለ መጀመሪያው ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በቁጥር እንለያቸው፦

1. ስንት ግራም ናሙና ያስፈልጋል?
2. ዱቄቱ ምን ያህል መላም አለበት?
3. ክፍያው ስንት ነው?
4. ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል?

ክፍያውንና ጊዜውን በአንድ ቁጥር ብናጣምር ዋጋው ተነግሮን ቀኑ ይቀራል። መልስ የማይሹ መረጃዎችን፣ ማለትም ናሙናው የተወሰደበትን ቦታና ጥልቀት፣ ከጥያቄዎቹ በላይ በነጥብ ምልክት እንዘርዝር፤ ቁጥር ብንሰጣቸው መላሹን ያደናግራሉ። ምላሹ ከ2 ወደ 4 ከዘለለ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል፤ ያን ጊዜ «3ኛው ቀርቶብናል» ብለን መጻፍ ይበቃናል።